5,000 ዶላር እና 15 በጎች

አንድ አጎት በቤተሰብ ድግስ ላይ ለወንድሙ ልጅ ቃል ገባ። ከ22 ዓመት በኋላ የኒውዮርክ የመጨረሻው ፍርድ ቤት "ይህ ቃል ውል ነው፣ ገንዘቡ ይከፈል" ብሎ ፈረደ። ቃሉ ሲገባ የተፈረመ ወረቀት አልነበረም። ጠበቃም አልነበረም። ቃሉ የተሰጠው ሰው ደግሞ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር።

ጉዳዩ ሄመር በሲድዌይ ላይ ይባላል። በአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ከሚያነቧቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። እኔ ግን እዚህ ያነሳሁት ለሌላ ምክንያት ነው። "ውል ነው ወይስ የቤተሰብ ወሬ?" የሚለው ጥያቄ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ሌላ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። በተለይ አጎትየው የጻፈው አንድ ደብዳቤ አለ፣ እሱን በደንብ ያነበበ ሰው የውል ሕግን ግማሽ እዚያው ያገኘዋል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። የምናወራው ስለ እንግሊዝና አሜሪካ የሕግ ሥርዓት ነው። እዚያ አንድ ስምምነት ውል እንዲሆን በዋናነት ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እና ሁለቱም አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ነገር ይኖራል። ይህን ሦስተኛውን ኮንሲደሬሽን ይሉታል። እኔ "አጸፋ" እለዋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያው ነው፤ ለቃልህ እኔ በምላሹ ምን ሰጠሁህ? የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለውል ይህን ሦስተኛ መስፈርት አይጠይቅም፣ ስለዚህ እዚህ የምታነቡትን እንዳለ ወደ አገር ቤት ጉዳይ እንዳትወስዱት። ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ።

ማርች 20 ቀን 1869። ሳሙኤል ስቶሪና ባለቤቱ የተጋቡበትን 50ኛ ዓመት ያከብራሉ። ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ የተጠሩ እንግዶችም አሉ። ከልጆቻቸው አንዱ ዊልያም ስቶሪ ነው። በስሙ የተሰየመ የወንድም ልጅ አለው፣ እሱም ዊልያም ስቶሪ ይባላል። እንዳይምታታብን ልጁን አጎቱ ራሱ በደብዳቤው እንደሚጠራው ዊሊ እንበለው።

አጎት በእንግዶቹ ፊት ለዊሊ እንዲህ አለው፦ 21 ዓመት እስኪሞላህ ድረስ መጠጥ ካልጠጣህ፣ ትምባሆ ካልነካህ፣ ካልተሳደብክ፣ ካርታና ቢሊያርድ በገንዘብ ካልተጫወትክ 5,000 ዶላር እሰጥሃለሁ። ዊሊ እሺ አለ። ያኔ 5,000 ዶላር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አጎትየው ራሱ የመጀመሪያዎቹን 5,000 ለማጠራቀም አሥር ዓመት እንደፈጀበት በኋላ ጽፏል።

ዊሊ ቃሉን ጠበቀ። ወደ ስድስት ዓመት ገደማ፣ ከ15 ዓመቱ እስከ 21 ዓመቱ። ይህን በፍርድ ቤት ማንም አላፈረሰውም፣ ሙሉ በሙሉ እንደፈጸመ ተረጋግጧል።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1875 ልጁ 21 ሞላው። እና እዚህ ላይ ዊሊ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። በዚያው ዕለት ለአጎቱ ደብዳቤ ጻፈ፦ የበኩሌን ፈጽሜያለሁ፣ ገንዘቡ ይገባኛል። ሳምንት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 6፣ አጎት ከቡፋሎ ከተማ መለሰ።

ያ መልስ ነው የጉዳዩ ልብ። አጎት እንዲህ ይላል፦ ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ከብዙ ዓመት በፊት የገባህልኝን ቃል እንደጠበቅህ አልጠራጠርም፣ ስለዚህ ቃል እንደገባሁልህ 5,000 ዶላር ይኖርሃል። 21 ዓመት በሞላህ ቀን ገንዘቡ ባንክ ነበር፣ ያንተ ነው ብዬ ያሰብኩት። ግን ይዘህ መቆየት እስክትችል ድረስ እኔ ጋ ይቆይ። ጥሩ በመሰለህ ነገር ገብተህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉንም ብታጣው ያሳዝነኛል።

ከዚያ ስለራሱ ሕይወት ያወራል። እንጨት ላገ፣ ሦስት አራት ዓመት ከብት አረደ፣ ከተማ መጥቶ ከሦስት ወር ፍለጋ በኋላ ሱቅ ተቀጠረ። ሱቁን በጠዋት ይከፍታል፣ አምሽቶ ይዘጋል፣ በሕንፃው አራተኛ ፎቅ ብቻውን ይተኛል። በ1849 እና በ1852 የኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜም እዚያው ነበር። ሊሸሽ ፈልጎ አሠሪው "አሁን ከሄድክ በኋላ ላልፈልግህ እችላለሁ" ስላለው ቀረ። ይህን ሁሉ የሚነግረው በልፋት የተገኘ ገንዘብ ሰው እጅ ይቆያል ለማለት ነው። እና ቀጥሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ አንተ ይህን ገንዘብ ከእኔ በጣም በቀለለ መንገድ ነው ያገኘኸው፣ በዚያ ላይ ጥሩ ልማድ አፍርተህበታል። እዚያ ላይ የተጠቀመው ቃል "ሠርተህ አገኘኸው" የሚል ነው። "ሰጠሁህ" አይልም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እንመለስበታለን።

ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። ከ21 ዓመት በፊት 15 በጎች ገዝቼልህ ነበር ይላል። በየአራት ዓመቱ እጥፍ እንዲሆኑ ተብሎ የተሰጡ በጎች። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት ተከታትያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልሰማሁም። አባትህና አያትህ ለአካለ መጠን እስክትደርስ እንጠብቃለን ብለውኝ ነበር፣ ጠበቁ? እስካሁን ከ500 እስከ 600 በጎች ሊኖሩህ ይገባል።

ከፊርማው በታች ደግሞ አንድ መስመር ጨመረ፦ ገንዘቡን ወለድ እንደሚያስገኝ ቁጠረው።

ዊሊ ደብዳቤውን አነበበ፣ እሺ፣ እዚያው ይቆይ አለ። ዓመታት አለፉ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1887 አጎት ሞተ። ከ5,000ው አንዲት ዶላር አልተከፈለችም። በዚህ መሃል ዊሊ የገንዘቡን መብት ለሌላ አስተላልፎ፣ መብቱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሉዊዛ ሄመር የምትባል ሴት ጋ ደርሷል። እሷ የውርሱ አስፈጻሚ የሆነውን ፍራንክሊን ሲድዌይን 5,000 ዶላሩን ከነወለዱ ጠየቀችው። አልከፍልም አለ። የክሱ ስም ከዚህ ነው የመጣው፤ ከሳሽዋም ተከሳሹም በድግሱ ላይ ከተነጋገሩት ሁለት ሰዎች ውስጥ አይደሉም።

አሁን ራሳችሁን በአስፈጻሚው ቦታ አድርጉት። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም እምቢ ያለው። የሟች ንብረት አደራ ተሰጥቶታል፣ ያልተገባ ዕዳ ከከፈለ ከወራሾቹ ድርሻ ነው የሚቀነሰው። ክርክሩም የዋዛ አልነበረም። ልጁ አልጠጣም፣ አላጨሰም። ታዲያ ማን ተጠቀመ? ልጁ ራሱ! ጤናው ተጠበቀ፣ ገንዘቡ ተረፈ። አጎትየው ምን አገኘ? ምንም። ልጁ ምን አጣ? ምንም። እንግዲህ አንዱ ያልተጎዳበት፣ ሌላው ያልተጠቀመበት ቃል ስጦታ ለመስጠት የተገባ ቃል ነው እንጂ ውል አይደለም። ስጦታ ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ በዚያ ሕግ አያስከስስም።

መጀመሪያ የሰማው ፍርድ ቤት ለከሳሽ ፈረደ። ቀጣዩ ሻረው። በመጨረሻ ኤፕሪል 14 ቀን 1891 የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በዚያ ክፍለ ግዛት ከሱ በላይ የሌለው፣ ለከሳሽ ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አልተን ፓርከር ናቸው፤ በ1904 በፕሬዚዳንት ምርጫ ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ተወዳድረው የተሸነፉት እሳቸው ናቸው።

ሦስቱን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው፣ ግን እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፣ ምክንያቱም ክርክሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ሐሳብ ማቅረብ። "ልጄ፣ ጥሩ ሰው ሁን፣ አንድ ቀን አስብሃለሁ" ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ይህ ምርቃት ነው። አጎት የተናገረው ግን ምን እንደሚከፍል ያውቃል (5,000 ዶላር)፣ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል (አራት ነገር መተው)፣ እስከ መቼ እንደሆነም ያውቃል (እስከ 21 ዓመት)። የሰማው ሰው "እሺ ካልኩ ነገሩ አለቀ" ብሎ ማሰብ ይችላል። ድግስ ላይ መነገሩ ለውጥ አያመጣም፣ እንደውም ምስክር አበዛ። ቀልድ መስሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፣ ግን ከስድስት ዓመት በኋላ አጎት ራሱ "ቃል እንደገባሁልህ" ብሎ ጽፏል።

መቀበል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዊሊ በድግሱ ላይ እሺ ብሏል፣ ግን አጎት የፈለገው "እሺ" የሚለውን ቃል አልነበረም። የፈለገው ድርጊቱን ነው። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የሚቀበሉት በመፈጸም ነው። የጠፋ ውሻ ላመጣ ይህን ያህል እሰጣለሁ እንደሚል ማስታወቂያ ማለት ነው። ማንም "አመጣለሁ" ብሎ ቃል እንዲገባ አይጠበቅም፣ ውሻውን ያመጣ ተቀበለ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዊሊ በ18 ዓመቱ ሲጋራ ቢያጨስ አጎቱ ሊከሰው አይችልም ነበር፤ ዊሊ አላጨስም ብሎ ግዴታ የገባ ሰው አይደለምና። ገንዘቡን ብቻ ነው የሚያጣው። ሁለተኛ፣ ሊፈጸም የተባለው በሙሉ መፈጸም አለበት። አምስት ዓመት ከአሥር ወር ታግሶ የልደቱ ዋዜማ ላይ አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ "አብዛኛውን ፈጽሜያለሁና አብዛኛውን ክፈሉኝ" የሚል ክርክር አያዋጣውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈራ ጥያቄ ይነሳል። ዊሊ አራት ዓመት ከታገሠ በኋላ አጎት "ተውኩት" ቢልስ? በድሮው አስተሳሰብ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ሌላው ጨርሶ እስኪፈጽም ድረስ መተው ይችላል፤ ለዊሊ ጨካኝ ውጤት ነው። ዛሬ በአሜሪካ ተቀባይነት ያለው አስተሳሰብ ተቀይሯል፦ ሌላው ሰው መፈጸም ከጀመረ በኋላ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ወደኋላ ማለት አይችልም፣ እስኪጨርስ መጠበቅ አለበት። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ድልድዩ መሃል ላይ ደርሶ ድልድዩ መነሳት የለበትም።

አሁን አጸፋ። አስፈጻሚው "ልጁ ምን ተጎዳ?" ብሎ ነበር የጠየቀው። ዳኛ ፓርከር ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው አሉ። ከ16 ዓመት በፊት፣ በ1875፣ በእንግሊዝ ከተሰጠ ፍርድ አንድ ትርጉም ጠቀሱ። በራሴ አነጋገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ አጸፋ ማለት ወይ ቃል የገባው ሰው የሚያገኘው መብት ወይም ጥቅም ነው፣ ወይ ደግሞ ቃል የተገባለት ሰው የተወው፣ የተጎዳው፣ ያጣው ወይም የተሸከመው ነገር ነው። "ወይ" የሚለው ቃል ነው ወሳኙ። ከሁለቱ አንዱ ካለ ይበቃል። የሚታየው ደግሞ በኪሱ ገንዘብ ገባ ወይስ ጤናው ተሻሻለ የሚለው አይደለም። የሚታየው በሕግ የተፈቀደለትን ነገር ለዚያ ቃል ሲል ተወ ወይ የሚለው ነው።

ዊሊ ቀደም ብሎ ትምባሆ ይጠቀም ነበር፣ አንዳንዴም ይጠጣ ነበር። ያኔ ይህን የማድረግ ሕጋዊ መብት ነበረው። ያንን መብት ለዓመታት ተወ፣ የተወውም አጎቱ ገንዘብ እሰጥሃለሁ ስላለው ነው። በቃ። ለመተው ምን ያህል ተቸገረ፣ ጠቀመው ወይስ ጎዳው፣ አጎት ምን አተረፈ፣ ፍርድ ቤቱ እነዚህን አልመረምርም አለ። የራሱን ነጻነት አጥብቧል፣ ያጠበበውም በአጎቱ ቃል ተማምኖ ነው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ላይ ያላመንኩት ነገር ነበር። "መተው" እንዴት እንደ መስጠት ይቆጠራል? ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጎረቤትህ "በቤትህ ላይ ተጨማሪ ፎቅ አትሥራ፣ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ" ቢልህና ብትስማማ፣ ምንም ሳትሠራ እሱ የፈለገውን ሰጥተኸዋል። የሸጥከው ነገር የማድረግ መብትህን ነው። ዊሊም የሸጠው የስድስት ዓመት ነጻነቱን ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ምንም ነገር ቢተው፣ ቢለፋ፣ ቢወጣ ቢወርድ ሁሌም አጸፋ ይሆናል ማለት ነው? አይደለም። እና እዚህ ነው ነገሩ የሚከብደው።

በ1840 አላባማ ውስጥ አንድ ሰው ወንድሙ ሞተበት። ለወንድሙ ሚስት ደብዳቤ ጻፈላት፦ መጥተሽ ብታዪኝ ልጆችሽን የምታሳድጊበት ቦታ እሰጥሻለሁ፣ ከማርሰው በላይ መሬት አለኝ፣ አንቺና ልጆችሽ ደህና እንድትሆኑ እፈልጋለሁ። ሴትዮዋ ያለችበትን መሬት ጥላ ልጆቿን ይዛ ከ60 እስከ 70 ማይል፣ ማለትም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ መጣች። ሁለት ዓመት ጥሩ ቤትና መሬት ሰጣት። ከዚያ ጫካ ውስጥ ወዳለ ምቾት የሌለው ቤት አዛወራት፣ ቀጥሎ ጨርሶ አስወጣት። ከሰሰች። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች 200 ዶላር ፈረዱላት። በ1845 የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። ይህ ቃል በነጻ የተገባ የደግነት ቃል ብቻ ነው አለ። የሚገርመው ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ራሳቸው በግላቸው ሴትዮዋ የደረሰባት ጉዳትና ችግር በቂ አጸፋ ነው ብለው ያምኑ ነበር፣ ግን ባልደረቦቻቸው ስላልተስማሙ የእነሱን ሐሳብ ጻፉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሴትዮዋ ከዊሊ በብዙ እጥፍ ተጎድታለች። ቤቷን ትታለች፣ ልጆች ይዛ ተሰዳለች። ዊሊ ግን ሲጋራ ነው የተወው። ሆኖም ዊሊ አሸነፈ፣ እሷ ተሸነፈች። ለምን?

ምክንያቱም ሕጉ የሚለካው የጉዳቱን መጠን አይደለም፣ ጉዳቱ የተጠየቀው ለምን እንደሆነ ነው። የባሏ ወንድም የእሷን መምጣት እንደ ዋጋ አልፈለገውም፤ መምጣቷ ስጦታውን ለመቀበል የምታልፍበት መንገድ ብቻ ነው። ቤት እሰጥሃለሁ ያለህ ሰው ቤቱ ያለበት ድረስ መሄድህ አይቀርም፣ ግን ቤቱን በጉዞህ አልሸጠልህም። የዊሊ አጎት ደግሞ በተቃራኒው፣ የፈለገው መተዉን ራሱን ነው። ልጁ እንዳይጠጣና እንዳያጨስ ገንዘብ አወጣበት። መተዉ ገንዘቡን ለመቀበል የሚያበቃ መንገድ አልነበረም፣ በገንዘቡ የተገዛው ነገር ነበር።

ስለዚህ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቃል የገባው ሰው ያን ድርጊት ለማግኘት ብሎ ነው ቃል የገባው? ወይስ ቃሉን ስለገባ ድርጊቱ ተከተለ? አንዳንዴ መለየት ይከብዳል፣ እውነቱን ለመናገር የአላባማውን ጉዳይ ዛሬም በሁለቱም በኩል መከራከር ይቻላል። ብቻዋን የሆነች ሴት ከነልጆቿ አጠገቡ መሆኗ ራሱ በዋጋነት የፈለገው ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያ ፍርድ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የአሜሪካ ሕግም በኋላ ሌላ በር ከፍቷል፤ አጸፋ ባይኖርም በቃልህ ተማምኖ እንደሚንቀሳቀስ እያወቅክ ቃል ከገባህለትና እሱም ተማምኖ ከተጎዳ ፍርድ ቤት ሊያስከፍልህ ይችላል። ያ በር ግን ለእሷ አልደረሰላትም።

አሁን ወደዚያች "ሠርተህ አገኘኸው" ወደምትል ዓረፍተ ነገር እንመለስ። አጎት የሕግ ቃል አልፈለገም፣ ታሞ ቤት ተኝቶ (17 ቀን ከክፍሉ እንዳልወጣ እዚያው ይጽፋል) የልቡን ነው የተናገረው። እና ከልቡ ሲናገር ገንዘቡን ከራሱ የእንጨት መላግና የሱቅ ሥራ ጋር አወዳደረው። የኔ ገንዘብ በልፋት መጣ፣ ያንተ ቀለል ባለ ልፋት መጣ፣ ግን ሁለቱም የልፋት ናቸው። ስጦታ የሚሰጥ ሰው እንዲህ አያወራም። ከመቶ የሕግ ክርክር ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሁለቱን ሰዎች ሐሳብ ታሳየኛለች።

ጥቂት ነገሮችን ብንቀያይርስ? አጎት ዊሊ 21 ከሞላው በኋላ "ጥሩ ልጅ ሆነህ ስላደግህ 5,000 እሰጥሃለሁ" ቢል ኖሮ ውል የለም። ልጁ ያደረገው ያለፈ ነው፣ ለዚያ ቃል ተብሎ የተደረገ አይደለም። ዊሊ ድግሱ ላይ ባይኖር፣ የአጎቱን ቃል ሳይሰማ በራሱ ፈቃድ ባይጠጣስ? ያልሰማውን ሐሳብ መቀበል አይችልም። እና አንድ የዛሬ ጥያቄ፦ በኒውዮርክ ከ1985 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፣ ትምባሆም በአሜሪካ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ እንዲሁ። ዛሬ አንድ አጎት ያንኑ ቃል ቢደግም አስፈጻሚው ጠንካራ መከራከሪያ ያገኛል፣ ሕግ ቀድሞ የዘጋብህን ነገር ተውኩ ማለት መብት መተው አይደለምና። እድሜውም ይነሳል። ዊሊ 15 ዓመቱ ነበር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው የገባውን ውል ግን ማፍረስ የሚችለው ልጁ ነው እንጂ ትልቁ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ አጎት በዚህ ማምለጥ አይችልም ነበር።

አንድ ችግር ቀረ፣ ዊሊን ሊያጠፋው የደረሰው። ውሉ ቢጸናም ገንዘቡ መከፈል የነበረበት በ1875 ነው። አጎት የሞተው በ1887። የይርጋው ጊዜ ስድስት ዓመት ነበር። ፓርከር በግልጽ ጽፈውታል፤ ክሱ በውሉ ላይ ብቻ ቢመሠረት ኖሮ በይርጋ ይታገድ ነበር። ያዳነው ያው ደብዳቤ ነው። አጎት "ገንዘቡ ባንክ ነበር፣ ያንተ ነው፣ አልነካውም፣ እኔ ጋ ይቆይ" አለ፣ ልጁም ይቆይ አለ። ፍርድ ቤቱ ይህን ዕዳ ከመሆን አልፎ አደራ ሆነ አለ፤ አጎት ከዚያ ቀን ጀምሮ የዊሊን ገንዘብ የሚጠብቅ ባለአደራ ነው። ባለአደራ ደግሞ "ጊዜው አልፏል" ብሎ የሰው ገንዘብ ማስቀረት አይችልም።

እዚህ ላይ ዊሊ በጣም ዕድለኛ ነበር እላለሁ። አጎቱ ቸኩሎ "እሺ እከፍልሃለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ" ብሎ ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ይህ የሚቆይ ዕዳ እንጂ አደራ አይሆንም ነበር፣ ስድስቱ ዓመት ሲያልቅም ገንዘቡ ያልቃል። ዊሊ ማድረግ የነበረበት ቀላል ነበር፤ ይርጋው ሳይሞላ አጎቱ በየጥቂት ዓመቱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት መጠየቅ። በዘመድ መካከል እንዲህ መጠየቅ ይከብዳል፣ ነውር ይመስላል። ግን በመጨረሻ የሚገጥምህ ዘመድህ አይደለም፣ ሟቹን በአካል በማያውቅ ሰው ፊት የሚደረግ የወረቀት ክርክር ነው።

በጎቹስ? ስለ 15ቱ በጎች ማንም አልከሰሰም። ግን ዊሊ ቢከስ ምን ይገጥመው ነበር? በእጅ የተላለፈ ስጦታ ስለሆነ በጎቹ የኔ ናቸው፣ ንብረቴን መልሱ ማለት ይችል ይሆናል። በየአራት ዓመቱ እጥፍ የሚሆነውን ቁጥር፣ 500 ወይም 600 በግ፣ በአጎቱ ቃል ላይ ተመሥርቶ በውል መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለዚህ ቃል አንተ በምላሹ ምን ሰጠህ? በጎቹ ሲገዙ ዊሊ ገና የተወለደ ሕፃን ነበር።